ንጹሕ መስሎ የሚሸት ሸሚዝ

ሰው በአለባበሱ ይከበራል ይባላል። ይሁን እንጂ በዓይን የተከበረ ልብስ በአፍንጫ የሚዋረድበት ጊዜ እንዳለ የቢሮ ሰውም ተማሪም ያውቀዋል። ጧት ታጥቦና ተተኩሶ እንደ ወረቀት የነጣ ሸሚዝ ለብሶ ከቤቱ የወጣ ወጣት፣ ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ክንዶቹን ከጎኑ ሳያላቅቅ፣ እጁን ለጥያቄ ማንሣት እየፈለገ ሳያነሣ ሲቀር አይተናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከነዚያ ወጣቶች አንዱ እኛው ራሳችን ነበርን።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ከሁለት ባልንጀሮቻችን ጋራ በተከራየነው ቤት በየቅዳሜው እየመጡ ልብሳችንን የሚያጥቡልን አንዲት እናት አሉ። በዚያን ጊዜ ሁለት ነጫጭ ሸሚዞች ነበሩን። አንደኛው ታላቅ ወንድማችን ለምረቃችን የሰጠን የጥጥ ሸሚዝ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያ ደመወዛችን የገዛነው፣ ቢጨማደድ ቶሎ የሚፈታ፣ ከታጠበ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚደርቅ፣ ካውያ እንኳ እምብዛም የማይጠይቅ ሸሚዝ ነው። በዚህ በሁለተኛው እንኰራበት ነበር። ዳሩ ግን ለብሰነው ከወጣን ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለፈው ሳምንት ላብ ሁሉ ከሞት እንደ ተነሣ ያህል ከብብታችን ሥር ይሸተን ጀመር። የጥጡን ሸሚዝ የለበስን ቀን ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ጥፋቱን በማን ላይ እንዳደረግነው አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። ልብስ አጣቢያችንን ጠርተን ሸሚዙ በሚገባ እንዳልታሸ ነገርናቸው፤ ከዕለቱ ሒሳባቸውም ላይ የዚያን ሸሚዝ ድርሻ ቀነስን። እርሳቸው ግን ሳይቈጡ ሸሚዙን ከገመድ ላይ አውርደው በእጃቸው እያገላበጡ እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፣ ሁለቱንም ያጠብኳቸው በአንድ ሳፋ፣ በአንድ ሣሙና፣ በአንድ እጅ ነው። ይኸኛው ውሃ አይጠጣም። ውሃ የማይጠጣ ልብስ ላዩን እንጂ ውስጡን አይታጠብም።»

እኛ ዩኒቨርሲቲ የጨረስን ሰዎች ይህን እንደ ማመካኛ ቈጠርነው። በኋላ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ስናነብና ራሳችንም ስንፈትነው ግን፣ የልብስ አጣቢያችን ሁለት ዐረፍተ ነገር የምርምር ሰዎች በብዙ ገጽ ከጻፉት ዋና ነገር ጋራ የተስማማ ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ ላብ ራሱ ይሸታል የሚለውን አሳብ እንተወው። ከግንባራችንና ከጀርባችን የሚወርደው ላብ አብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ ከሰውነት ሲወጣ ጠረን የለውም ማለት ይቻላል። በብብት ውስጥ ግን ከዚህ ሌላ ወፈር ያለ ፈሳሽ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ። ይህም ፈሳሽ ሲወጣ አይሸትም። በቆዳችን ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን፣ ማለት ባክቴሪያዎች፣ ይህን ፈሳሽ ይመገቡትና ሰባብረው ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል። ከዚህ የሚወጡት አንዳንዶቹ አሲዶች ናቸው፤ ሌሎቹ ድኝ ያለባቸው ናቸው፤ እነዚህኞቹ እጅግ ጥቂት ሆነው እንኳ አፍንጫ ይደርስባቸዋል። በዚህ ላይ ቆዳችን ቀኑን ሙሉ ወዝ ያወጣል። ወዝ ማለት ግንባራችንን የሚያብለጨልጨው፣ የኮሌታችንን ውስጥ የሚያጠቍረው ቅባት ነው። የጠረኑ ነገሮች አብዛኞቹ ከውሃ ይልቅ ቅባትን ስለሚወዱ ከዚህ ወዝ ጋራ ተደባልቀው ወደ ልብሱ ይሻገራሉ።

እስከዚህ ድረስ የጥጡም የሌላውም ሸሚዝ ዕድል አንድ ነው። የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው።

የዚያ የማይጨማደድ ሸሚዝ ስም ከኮሌታው ሥር በተሰፋው ጨርቅ ላይ ተጽፏል፤ ፖሊስተር ይባላል። ይህን ነገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. የፈለሰፉት ጆን ሬክስ ዊንፊልድና ጄምስ ቴናንት ዲክሰን የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን ኬሚስቶች ናቸው። እንግሊዞች ቴሪሊን፣ አሜሪካኖች ዳክሮን፣ ጃፓኖች ቴትሮን እያሉ በየስማቸው ሸጡት፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከነዳጅ ዘይት ከሚገኙ ነገሮች ተሠርቶ፣ ቀልጦ፣ በቀጫጭን ቀዳዳ ተጨምቆ ክር ይሆናል። ያው ቅላጭ ክር በመሆን ፈንታ በቅርጽ ውስጥ ተነፍቶ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ የውሃ ጠርሙስ ይሆናል። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው ባዶ ጠርሙስና ያ ነጭ ሸሚዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብንል አላጋነንንም።

ይህን ዝምድና ያወቀ ሰው ግማሹን ምሥጢር አገኘ። በቤታችን ሁሉ ባዶው ጠርሙስ አይጣልም፤ ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ይቀዳበታል። ነጭ ጋዝ የነበረበትን ጠርሙስ አጥቦ መልሶ ውሃ ለመጠጣት የሞከረ ሰው ካለ ምን እንደ ገጠመው ያውቃል። ጠርሙሱ ጠርቷል፣ ያብረቀርቃል፣ ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት ነቍጥ የለበትም፤ ክዳኑን ሲከፍቱት ግን ጋዙ አለ። ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሣሙና ይለቅ ነበር። ጠርሙሱ ከውሃ ይልቅ ከቅባት ጋራ ይስማማል፤ ቅባቱንም በላዩ ይዞ ይቀራል፣ ከጠረኑም ጥቂቱን ወደ ውስጡ ያስገባል። ፖሊስተር ሸሚዝም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሸሚዙ በሺህ የሚቈጠሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቃጫዎች ስለ ሆነ ወዝ የሚጣበቅበት ፊት ከጠርሙሱ እጅግ የሚበዛ መሆኑ ነው።

ጥጥ ሌላ ፍጥረት ነው። ጥጥ ዕፅ ነው፤ የተሠራበትም ነገር ውሃን ይወዳል። መቶ ግራም ደረቅ ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ቢቀመጥ ማንም ውሃ ሳያፈስበት ከአየሩ እርጥበት ሰባት ወይም ስምንት ግራም ያህል ውሃ ይጠጣል። ፖሊስተር በዚያው አየር ውስጥ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ጥጥ ሳፋ ውስጥ ሲገባ ቃጫው ያብጣል፤ ውሃው ወደ ውስጡ ይዘልቃል፤ የገባበትን እድፍና ጠረንም ከሣሙናው ጋራ ይዞ ይወጣል። የፖሊስተር ቃጫ ግን አያብጥም። ውሃው በቃጫና በቃጫ መካከል እያለፈ ይሮጣል፤ ቃጫው ላይ የተለጠፈው ወዝ እንደ ተለጠፈ፣ ከውስጡም የዘለቀው እንደ ዘለቀ ይቀራል። ስፖርተኞች «ይህ ማለያ ላብ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ውሃውን አይዝም። የሚይዘው ሌላውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳት እንጠንቀቅ። ጥጥ ጠረን አይቀበልም ማለታችን አይደለም። ይቀበላል፤ ላቡን ሁሉ ስለሚጠጣ እንዲያውም ብዙ ይቀበላል። ነገር ግን ከጠረኑ ነገሮች ብዙዎቹን፣ በተለይ አሲዶቹን፣ በውስጡ አፍኖ ስለሚይዝ ወደ አፍንጫችን የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ሲታጠብም ይለቃቸዋል። ፖሊስተር ግን በመታጠቢያው ሳፋ ውስጥ ይነፍጋል፣ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ይለግሳል።

ታዲያ ንጹሕ የሚመስለው ስለ ምን ነው? ዓይን የሚያየው ቀለም ያለውን ብቻ ስለ ሆነ ነው። አቧራው፣ ጭቃው፣ የላቡ ጨው በውሃ የሚሄዱ ናቸው፤ ከፖሊስተር ላይ እንዲያውም ከጥጥ ይልቅ በቀላሉ ይለቃሉ። የሚቀረው ቀለም የሌለው ስስ ቅባት ነው። በአንጻሩ ለብዙ ጊዜ የተለበሰ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ብብቱ ላይ ቢጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም ያፍርበታል። እኛም ያንን የወንድማችንን ሸሚዝ ብብቱ በመቅላቱ ምክንያት ለቤት ልብስ አውርደነው ነበር። በአፍንጫ ቢፈረድ ኖሮ ለቢሮ የሚገባው እርሱ ነበር።

ይህን ሁሉ ከማንበብ ይልቅ ራሳችን ብንፈትነው ይሻላል ብለን አንድ ነገር አደረግን። ሁለት ሸሚዝ በሁለት ቀን ለብሶ ማወዳደር አያስተማምንም፤ አንዱ ቀን ይሞቃል፣ አንዱ ቀን ይበርዳል፣ አንዱ ቀን አለቃ ይቈጣል። ስለዚህ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን አንድ አሮጌ ካናቴራ ሰጠነውና በግራው ብብት መዳፍ የምታህል የጥጥ ጨርቅ፣ በቀኙ ብብት በልኳ የተቈረጠች የፖሊስተር ጨርቅ እንዲሰፋበት ጠየቅነው። ልብስ ሰፊው ጤንነታችንን ተጠራጥሮ ነበር። ጨርቆቹ በእርግጥ የተባሉት መሆናቸውን ግን እርሱ ራሱ አረጋገጠልን። ከእያንዳንዱ አንድ ክር መዝዞ በወረንጦ ይዞ ክብሪት አስነካው። የጥጡ እንደ ወረቀት ነድዶ፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ፣ ለስላሳ አመድ ሆነ። የፖሊስተሩ ከእሳቱ ሸሽቶ ተኰማተረ፣ ቀለጠ፣ ሲበርድም ጥቍር ጠንካራ እንክብል ሆኖ ቀረ። ምልክት የሌለው ልብስ የገዛ ሰው በዚህ መንገድ ይለየዋል። ክሩ ነድዶ አመድም እንክብልም ከሆነ ድብልቅ ነው፤ ብዙው የቢሮ ሸሚዝም ድብልቅ ነው። ስልሳ አምስት እጅ ፖሊስተር፣ ሠላሳ አምስት እጅ ጥጥ የሚል ምልክት በብዛት ይገኛል።

ካናቴራውን አንድ ሙሉ ቀን ለበስነው፤ ወደ ቢሮ በእግራችን ሄድን፣ በእግራችን ተመለስን። ቅዳሜ ልብስ አጣቢያችን በዚያው ሳፋ አጠቡት። እሑድ ከገመድ አውርደን ሦስት ባልንጀሮቻችንን ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያሸቱ ለመንናቸው። እንዲህ ያለ ልመና የወዳጅነት ፈተና መሆኑን አንክድም። ሦስቱም ከሁለቱም ወገን የሣሙና ሽታ ብቻ እንዳለ ተናገሩ። እኛም ፈተናው ከሸፈ ብለን ልናቆም ስንል ነው የሻይ ጀበናው ትዝ ያለን። ካናቴራውን ከሚፈላው ውሃ እንፋሎት በላይ ለጥቂት ደቂቃ ያዝነውና እንደ ሞቀ እንደ ረጠበ መልሰን አቀረብንላቸው። ሦስቱም ቀኙን ብብት ለይተው ፊታቸውን አዞሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግራና ቀኝ የሰው ብብት አንድ ላይሆን ይችላል ብለን ጨርቆቹን አቀያይረን ደገምነው፤ ጠረኑ ከፖሊስተሩ ጋራ ወደ ግራ ተሻገረ። የአንድ ሰው ካናቴራ ሳይንስ አይባልም፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር።

የእንፋሎቱ ነገር የጉዳዩ ቍልፍ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ልብስ የያዘውን ጠረን አይለቅም። ሙቀት ሲያገኝ የጠረኑ ነገሮች ከቅባቱ ተላቅቀው ወደ አየር ይነሣሉ፤ እርጥበትም ያግዛቸዋል። የሰው ብብት ደግሞ ሙቀትም እርጥበትም አለው። ከዚህ በላይ በልብሱ ላይ የቀረው ወዝ ለተሐዋስያኑ ስንቅ ስለ ሆነ አዲሱ ላብ ሲመጣ ሥራቸውን ከባዶ አይጀምሩም። ስለዚህ ጧት ልብሱን ከገመድ ላይ አሽትቶ «ምንም የለውም» ብሎ መልበስ ራስን ማታለል ነው። ሸሚዝ ሲተኰስ ካውያው ብብቱ ላይ ሲያልፍ የሚነሣው ሽታ ነው እውነተኛው ምስክር። ብዙዎቻችን ይህን ሽታ የካውያው ነው እያልን እናልፈዋለን።

የምርምር ሰዎች ያደረጉት ከእኛ የተሻለ ነው። በቤልጅግ አገር በጌንት ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ካለዋርትና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሃያ ስድስት ጤነኞች የጥጥ፣ የፖሊስተርና የድብልቅ ካናቴራ ለብሰው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል በኀይል እንዲሠሩ ተደረገ። ካናቴራዎቹ በከረጢት ታሽገው ከአንድ ቀን በላይ በጨለማ ከቈዩ በኋላ ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ አሽታቾች ቀረቡላቸው። የፖሊስተሩ ጠረን የበረታና ይበልጥ የሚያስጠላ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የተሐዋስያኑ ጉዳይ ነው። በብብት ውስጥ የጠረን ዋና አለቆች የሆኑት ኮርይኔባክቴሪያ የተባሉት በጨርቅ ላይ አልተራቡም፤ ማይክሮኮከስ የተባሉት፣ እነርሱም ክርፋት የሚያወጡ፣ በፖሊስተሩ ላይ ረቡ፤ በጥጡ ላይ ግን እምብዛም አልታዩም። ይኸውም ልብሱ የብብታችንን ጠረን ተሸክሞ የሚዞር ብቻ ሳይሆን የራሱን እንግዶች መርጦ የሚያስተናግድ ቤት ነው ማለት ነው። ይሁንና ይህ ፈተና ያልታጠበ ካናቴራ ላይ የተደረገ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከዚያ ቀደም ሲል በ2007 ሬቸል ማክዊን ከባልደረቦቿ ጋራ ያሳተመችው ጥናት ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። እርሷም በብብት የተለበሱ የጥጥ፣ የሱፍና የፖሊስተር ጨርቆችን እስከ ሃያ ስምንት ቀን ድረስ እያቈየች አስሸትታለች። ፖሊስተር ከሁሉ በረታ፤ ጥጥ በመካከል ሆነ፤ ሱፍ ከሁሉ አነሰ። ብዙ የሚሸተው ጨርቅ ግን ብዙ ተሐዋስያን ያሉበት ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ጠረኑን ሁሉ በተሐዋስያን ላይ አድርጎ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ከነገሩ ግማሹን ብቻ ነው የሚነካው። ቅባቱ ካልወጣ ጠረኑ አይወጣም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሳፋ ሥራ ነው፤ ወደ ልብስ አጣቢያችንም ይመልሰናል። ሳናፍር ሄደን ያነበብነውን ነገርናቸውና የቀነስነውን ሒሳብ መለስንላቸው። እርሳቸውም ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው «እንግዲያስ እንደ ጋቢ አንጠበው፤ እንደ ድስት እንጠበው» አሉን። ቅባት የያዘ ድስት በቀዝቃዛ ውሃ እንደማይለቅ የማያውቅ የለም። የቆዳችን ወዝም በገላችን ሙቀት ላይ ለስላሳ ሲሆን በአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ውስጥ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ የረጋውንም ማሸት አያስለቅቀውም።

በዚህ መሠረት ያን የደመወዝ ሸሚዝ ያጠቡበት አካሄድ ይህ ነው። ሸሚዙ ተገለበጠ፤ ወዙ ያለው በውስጠኛው ፊት ነውና። ውሃ ሳይነካው፣ ገና ደረቅ ሳለ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሣሙና በብብቱና በኮሌታው ላይ ፈስሶ በጣት ታሸና ግማሽ ሰዓት ያህል ተተወ። ደረቅ ሳለ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ አስቀድሞ የረጠበ እንደ ሆነ ሣሙናው በውሃው ቀጥኖ ቅባቱ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ፣ ወደ አርባ ዲግሪ ገደማ፣ ኤንዛይም አለው ተብሎ በተጻፈበት የዱቄት ሣሙና ሁለት ሰዓት ተዘፈዘፈ። ኤንዛይሙ ቅባት ቈራጭ ከሆነ ወዙን እየበጣጠሰ ለውሃው ያመቻቸዋል፤ የዱቄት ሣሙናው ጨው መሰል ኀይልም አሲዶቹን በውሃ የሚሟሙ ያደርጋቸዋል። ታሸ፣ ውሃው እስኪጠራ ተለቀለቀ፣ ተገልብጦ እንዳለ በፀሐይና በነፋስ ተሰጣ። በመጨረሻም በእንፋሎት ፈተንነው። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጠረኑ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ በሦስተኛው እጥበት ነው ባልንጀሮቻችን ሁለቱን ሸሚዞች መለየት ያቃታቸው። የብዙ ወር ወዝ በአንድ ቅዳሜ አይወጣም።

ያልረዱን ነገሮችም ነበሩ። በረኪና ሸሚዙን አነጣው፣ ለአንድ ቀንም የራሱን ሽታ አለበሰው፤ ቅባቱን ግን አላሟሟውም፤ ድብልቅ በሆነ ሸሚዝ ላይ ደግሞ የጥጡን ድርሻ ያሳሳዋል። የልብስ ማለስለሻ የሚባለው መዓዛ ያለው ፈሳሽ የባሰ ነው። ልብስን የሚያለሰልሰው በክሩ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን እየጣለ ነውና በወዙ ላይ ሌላ ወዝ ይጨምርበታል። ሽቶም ያው ነው፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋራ ያጋባል። በቤታችን ያለው የድፍን ሣሙና ጨዋማና ጠንካራ በሆነ ውሃ ውስጥ ከውሃው ኖራ ጋራ ተዋሕዶ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ስለሚተው ለጥጥ የበቃውን ያህል ለፖሊስተር አይበቃም።

የላበ ልብስ ጠቅልሎ በከረጢት ማቈየት ግን ከሁሉ የከፋ ሆኖ አግኝተነዋል። የጌንት ሰዎች ካናቴራዎቹን በከረጢት ያሸጉት ጠረን እንዲያፈሩ ፈልገው ነው፤ እኛ ሳንፈልግ እናደርገዋለን። ከኳስ በኋላ ማለያን ወዲያው ማጠብ ባይቻል እንኳ ዘርግቶ ማናፈስ ይቻላል።

ጥጥም ያለ ነቀፋ አይደለም። በክረምት ቀን ሳይደርቅ የታጠፈ የጥጥ ልብስ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ሽታ ያመጣል። ያ ግን ከብብት ጠረን የተለየ ነው፤ ከዘገየ እርጥበት የሚመጣ ስለ ሆነ እንደ ገና ታጥቦ ፀሐይ ካገኘ ብዙውን ጊዜ ይሄዳል። ፖሊስተር በፍጥነት ስለሚደርቅ ከዚህኛው ይድናል። ዝናብ በማያቋርጥበት ሐምሌ አንድ ሸሚዝ ብቻ ላለው የቢሮ ጀማሪ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ እኛም የደመወዛችንን ሸሚዝ ያልጣልነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ለብሰን እናወጣዋለን፤ ላቡንና ወዙን አስቀድሞ የሚቀበለው ካናቴራው ይሆናል፣ ወደ ሸሚዙ የሚደርሰው ያንሳል።

ልብስ አጣቢያችን አሁን ቅዳሜ ሲመጡ ልብሱን ከመዘፍዘፋቸው በፊት ሁለት ቦታ ይከምሩታል፤ በአንድ ወገን «ውሃ የሚጠጣ»፣ በሌላው ወገን «ውሃ የማይጠጣ»። ለሁለተኛው ክምር ውሃ የሚያሞቁበትን ከሰል የምንገዛው እኛ ነን። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ባልንጀራችን ከሁለት ሳምንት በፊት ኳስ ተጫውቶበት በከረጢት ጠቅልሎ የረሳውን ማለያ ይዞ ቀረበ። ከረጢቱን በሁለት ጣት ይዘው ከፈቱት፤ መልሰው ዘጉትና ለእርሱ አስረከቡት። «ይህን መጀመሪያ አንተው ዘፍዝፈው፤ እኔ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» አሉት።